ሞተሩ ስንት ቀን ቆመ?

የምሠራበት ድርጅት ባሕር ዳር ውስጥ ወደ ዓባይ ድልድይ በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። የመስኖ ውኃ መሳቢያ ሞተር እንሸጣለን፤ የተበላሸም እንጠግናለን። ሰባት ሠራተኞች ነን። የእኔ ድርሻ ሞተሩን ተሸክሞ የሚመጣውን ገበሬ መቀበል፣ ካርኒ መቁረጥ፣ የመለዋወጫ መደርደሪያውን መያዝና ጥገናው ሲያልቅ ማስረከብ ነው። የተቀጠርኩት በሐምሌ መጀመሪያ ስለነበር፣ ሰኔ ሲጋመስ ልክ አንድ ዓመት ሊሞላኝ ሁለት ሳምንት ቀረኝ። በዚያ ሰሞን ሥራ አስኪያጃችን ለእያንዳንዳችን አንድ ገጽ ወረቀት አደሉን። ርእሱ «የሠራተኛው የራስ ምዘና» ይላል። ከሥሩ አንድ ጥያቄና ሰፊ ባዶ ቦታ ነበረ፦ «በበጀት ዓመቱ ምን ሠራህ/ሽ? ምን ለወጠ?»

ያን ዕለት ማታ ቤቴ ተቀምጬ ገጹን ሞላሁት። የተሰጠኝን ኃላፊነት በትጋትና በታማኝነት መወጣቴን፣ ደንበኞችን በመልካም ሥነ ምግባር ማስተናገዴን፣ ከባልደረቦቼ ጋር ተባብሬ መሥራቴን ጻፍኩ። አንዱም ውሸት አልነበረም። በማግስቱ ሥራ አስኪያጇ አንብበው ሲጨርሱ ወረቀቱን ወደ እኔ አዙረው፣ «የአንቺን ስም አጥፍቼ የጥበቃችንን ስም ብጽፍበት የሚቀየር ነገር አለ?» አሉኝ። ደጋግሜ አነበብኩት። የሚቀየር ነገር አልነበረም። እሱም ትጉና ታማኝ ነው፤ እሱም ደንበኛ ያከብራል።

«ቁጥር አምጪ» አሉኝ። «ቁጥሩን ደግሞ ከየት እንዳገኘሽው ንገሪኝ።»

ቁጥር ለማምጣት አልተቸገርኩም፤ የተቸገርኩት ትክክለኛውን ለማግኘት ነው። መጀመሪያ የመጣልኝ የሞተሮቹ ቆይታ ነበር። ጥር ላይ አንድ ሞተር እኛ ዘንድ ሁለት ሳምንት ሊጠጋ ይቆይ እንደነበር አስታውሳለሁ። በያዝነው ሰኔ ግን የገባው ሁሉ በ3 ቀን እየወጣ ነው። ስለዚህ «የጥገና ጊዜን ከ12 ቀን ወደ 3 ቀን አወረድኩ» ብዬ ጻፍኩ። ዐረፍተ ነገሩ አጭርና ጠንካራ ስለነበር በጣም ወደድኩት። ለዋናው መካኒካችን አሳየሁት። ከአባቴ በዕድሜ የሚበልጡ ሰው ናቸው፤ ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን። እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ አነበቡና፣ «ልጄ፣ በሰኔ ማን ውኃ ይስባል? ሰማዩ እያጠጣለት» አሉኝ።

ልክ ነበሩ። ከጣና ዳር እስከ ፎገራ ሜዳ ድረስ ሽንኩርትና ቲማቲም በመስኖ የሚያለሙት ገበሬዎች ሞተራቸውን የሚያሠሩት በበጋ ነው። ከጥር እስከ ሚያዝያ በራችን ላይ ሞተር ይሰለፋል፤ ዝናቡ ሲገባ ወረፋው በራሱ ይጠፋል። እኔ በጥርና በሰኔ መካከል ለካሁት ያልኩት ልዩነት አብዛኛው የክረምቱ እንጂ የእኔ አልነበረም። ሥራ አስኪያጇ ጋ ሳይደርስ በመያዙ እስከ ዛሬ ጋሼን አመሰግናለሁ።

ሆኖም በዚያ ዓመት በእውነት የለወጥኩት ነገር እንዳለ አውቅ ነበር። ቀድሞ ሞተር ሲገባ ካርኒ ተቆርጦለት ወረፋ ይይዛል። ጋሼ ከሦስት አራት ቀን በኋላ ተራው ሲደርስ ይፈቱታል፤ ያኔ የፒስተኑ ፋሻ ማለቁ ወይም ውኃ የሚያግደው ጎማ መበላቱ ይታወቃል። መደርደሪያው ላይ ዕቃው ከሌለ አዲስ አበባ ይደወላል፤ ዕቃው ተገዝቶ በአውቶቡስ ተጭኖ እስኪደርስ ቢያንስ ሌላ ሦስት ቀን ይሄዳል። ሞተሩ የሚቆመው ሁለት ጊዜ ነው፤ መጀመሪያ ለወረፋ፣ ቀጥሎ ለዕቃ። ያ ሁሉ ቀን ሲቆጠር ሽንኩርቱ ማሳ ላይ እየጠወለገ ነው።

ከየካቲት 1 ጀምሮ ጋሼን አስፈቅጄ ሁለት ነገር አደረግኩ። አንደኛ፣ እያንዳንዱ ሞተር በገባበት ቀን ይፈተሻል፤ አይጠገንም፣ የጎደለው ብቻ ታውቆ በካርኒው ጀርባ ይጻፋል። ይህ ግማሽ ሰዓት ያህል ይፈጃል። ሁለተኛ፣ የቀድሞ የጭነት ደረሰኞችን ቆጥሬ በብዛት ሲታዘዙ የነበሩ 12 ዓይነት ዕቃዎችን ለየሁ፤ ከእነርሱ የማናቸውም ክምችት ሁለት ሲቀር አዲስ ይታዘዛል።

እንግዲህ ይህን ለመለካት ሰኔን ትቼ ወቅትን ከራሱ ወቅት ጋር ማስተያየት ነበረብኝ፤ ያምናው የካቲት፣ መጋቢትና ሚያዝያ ከዘንድሮው ጋር። ያምናዎቹ ወራት እኔ ሳልቀጠር የነበሩ ናቸው፤ ሆኖም የካርኒዎቹ ግልባጭ በካርቶን ታስሮ መጋዘን ውስጥ ነበረ። በሦስቱ ወራት አምና 64፣ ዘንድሮ 71 ሞተር ገብቷል።

ካርኒዎቹን መደርደር ስጀምር ሌላ ችግር ወጣ። ካርኒው ላይ ያሉት ቀኖች ሁለት ናቸው፤ የገባበትና ባለቤቱ የወሰደበት። ከደቅ ደሴት የሚመጣ ሰው ሞተሩ ቢያልቅለትም ጀልባ የሚያገኝበትን ቀን ይጠብቃል። ገንዘብ ያጠረውም ሽንኩርቱን እስኪሸጥ አይመጣም። አንዱ ሞተር 47 ቀን ይላል፤ ጋሼ ግን በ6ኛው ቀን እንደጨረሱት ያስታውሳሉ። የወሰደበትን ቀን ይዤ ብሄድ የምለካው የጥገናን ፍጥነት ሳይሆን የገበሬውን ኪስና የጀልባውን መርሐ ግብር ነበር።

ያወጣኝ የጋሼ ማስታወሻ ደብተር ነው። ከደመወዛቸው ሌላ በሞተር የሚታሰብላቸው ክፍያ ስላለ፣ አንዱን በጨረሱ ቁጥር የካርኒውን ቁጥርና ቀኑን ይጽፋሉ። ዕቃ ጠብቀው ያስቆሙትን ደግሞ «ዕቃ የለም» ብለው ያሰምሩበታል። የመግቢያውን ቀን ከካርኒው፣ የማለቂያውን ቀን ከደብተሩ እያመሳከርኩ ሦስት ማታ ሠራሁ። ያምናዎቹ 6 ሞተሮች ደብተሩ ውስጥ አልተገኙም። በግምት አልሞላኋቸውም፤ አውጥቻቸው 58 ቀሩ። የዘንድሮዎቹ 71ዱም ተገኙ።

አማካይ አላወጣሁም። አንድ ሁለት ሞተር ወር ሙሉ ሲቆም አማካዩን ብቻውን ይጎትተዋል። ይልቁንም ቀኖቹን ከትንሹ ወደ ትልቁ ደርድሬ መካከል ላይ ያረፈውን ወሰድኩ፤ አምና 8 ቀን፣ ዘንድሮ 5 ቀን። ከ12 ወደ 3 አይደለም፤ ከ8 ወደ 5 ነው።

እሱም ቢሆን ሙሉ በሙሉ የእኔ አልነበረም። መጋቢት ላይ ለጋሼ አንድ ረዳት ተቀጥሮላቸዋል፤ ሁለት ሰው ከአንድ ሰው እንደሚፈጥን የታወቀ ነው። ዕቃ ያልጠበቁትን ሞተሮች ብቻ ለይቼ ሳይ፣ አምና 5 ቀን የነበረው ዘንድሮ 4 ሆኗል። እነዚያ ሞተሮች በሁለቱም ዓመት ዕቃ በማጣት አልቆሙም፤ ስለዚህ ያቺ አንድ ቀን ከእኔ ይልቅ ለረዳቱ ትቀርባለች። ቀኑን ከሌላው ጋር የምጋራ ከሆነ የራሴን እጅ ብቻ የሚያሳየው የቱ ነው ብዬ አሰብኩ። መልሱ ጋሼ ያሰመሩበት ቃል ነበር። «ዕቃ የለም» ተብለው የቆሙት አምና ከ58ቱ 23፣ ዘንድሮ ከ71ዱ 9 ናቸው። 23ን ከ9 ጋር ብቻ ማስቀመጥ ስለማይበቃ ከመቶ አሰላሁት፤ ከ40 ገደማ ወደ 13 ገደማ ወርዷል።

በመጨረሻ ያስገባሁት ጽሑፍ የሚከተለው ነበር።

«ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ከገቡት ሞተሮች መካከል መለዋወጫ በማጣት የቆሙት አምና በዚሁ ወቅት ከ58ቱ 23 ነበሩ፤ ዘንድሮ ከ71ዱ 9 ናቸው። ምክንያቱ ሞተር በገባበት ቀን መፈተሹና 12 ዓይነት ዕቃዎች ሁለት ሲቀሩ መታዘዛቸው ነው። ከመግቢያ እስከ ማለቂያ ያለው መካከለኛ ቆይታ ከ8 ወደ 5 ቀን ወርዷል፤ በዚህ ግን በመጋቢት የተቀጠረው ረዳት መካኒክ ድርሻ አለው። ምንጩ የመቀበያ ካርኒና የዋናው መካኒክ ደብተር ሲሆን፣ ያምናዎቹ 6 ሞተሮች መረጃ ስላልተሟላ አልተካተቱም። ለ12ቱ ዕቃዎች ግዢ 38,000 ብር ወጥቷል፤ ከዚህ ውስጥ የ11,000 ብር ዕቃ እስከ ሰኔ አልተነካም።»

የመጨረሻውን ዐረፍተ ነገር ላስገባው ላስቀረው ስል ብዙ አመንትቻለሁ። መደርደሪያ መሙላት ለማንም ይቻላል፤ ገንዘቡ ካለ። ውጤቱን ጽፌ ዋጋውን ብተወው ወረቀቱ ግማሽ ይሆናል ብዬ አስገባሁት።

ሥራ አስኪያጇ በውይይታችን ከሁሉ ረጅሙን ጊዜ የቆዩት እዚያው ላይ ነው። ያልተነኩት ዕቃዎች የትኞቹ እንደሆኑ፣ ለየትኛው የሞተር ዓይነት እንደሚሆኑ ጠየቁኝ፤ ከ12ቱ ሁለቱን እንድሰርዝ ተስማማን። ካርኒዎቹንም አስመጥተው ከዘጠኙ አራቱን ራሳቸው ከደብተሩ ጋር አመሳከሩ። ከዚያ ለመጪው ዓመት ምን እንደማስብ ሲጠይቁኝ፣ «ዕቃ ጠብቆ የሚቆም አንድም ሞተር እንዳይኖር» አልኳቸው።

«አይሆንም» አሉ። «በሁለት ዓመት አንዴ የሚሰበር ዕቃ አለ። እሱን ገዝተሽ ብታስቀምጪ ገበሬውን አይጠቅመው፣ ገንዘቤን ታስሪያለሽ።» ተነጋግረን ግቡን ከመቶ 10 አደረግነው፤ በመደርደሪያው ላይ ያለው ዕቃ በማንኛውም ጊዜ ከ30,000 ብር እንዳይበልጥ ከሚል ገደብ ጋር። ሁለቱ ቁጥሮች ጎን ለጎን ተጽፈው ፈረምንባቸው። የደመወዝ ጭማሪው ከወር በኋላ ተነገረኝ።

አዲሱ ካርኒ ሲታተም አንድ ዓምድ አስጨመርኩ፤ «ያለቀበት ቀን» ይላል። በሐምሌ የመጀመሪያው ሳምንት የገባልን ሞተር አንድ ብቻ ነበር፤ አንድ የዘጌ ገበሬ ለበጋው አስቀድሞ ሊያሠራ በዝናብ ይዞት መጣ። በገባበት ቀን ተፈተሸ፤ ካንዴላ ብቻ ነበር የሚፈልገው፤ መደርደሪያው ላይም ነበረ። ጋሼ ሲጨርሱ ብዕሬን ተቀብለው ቀኑን በአዲሱ ዓምድ ላይ ራሳቸው ጻፉት።