የቤተሰብ ፎቶ ልብስ ቀለም፦ ከሦስተኛው ሙከራ በኋላ

ባለፈው ፎቶ ስንነሳ አምስታችንም ጥቁር ሰማያዊ ለብሰን ነበር። ማንም ከማንም አልተጋጨም። ግን ከኋላችን ያሉት ዛፎች ጥላ ውስጥ ስለነበሩ የእናቴ ትከሻ የት እንደሚያልቅ አይለይም፤ ከጨለማው ብቅ ያለው ፊቷ ብቻ ነው። ተጠጋግተው የቆሙት ባለቤቴና ትልቁ ልጄም አንድ ገላ ሆነው ቀሩ። ለካ እኔ ስጨነቅ የነበረው ስለ ቀለሙ ዓይነት ነው፤ ማየት የነበረብኝ ግን ንጣቱንና ጥቁረቱን ነበር።

በዚህኛው ዙር የጀመርኩት ከአንድ ልብስ ነው። ክሬም መደብ ላይ የሰናፍጭ ቀለምና ፈዛዛ ሰማያዊ አበባ ያለበት ቀሚስ አለኝ። ባለ አበባው ልብስ የእኔ ብቻ እንዲሆን ወሰንኩና የሌሎቹን ቀለም ከእሱ ላይ መረጥኩ፦ ለእናቴ የሰናፍጭ ቀለም ሹራብ፣ ለባለቤቴ ጥቁር ሰማያዊ ሸሚዝ፣ ለሁለቱ ልጆች ክሬም።

ከዚያ ሁሉንም መስኮት አጠገብ፣ አምፖል አጥፍቼ፣ በምንቆምበት ቅደም ተከተል ወለል ላይ ዘረጋኋቸው። የአምፖል ብርሃን ወደ ቢጫ ስለሚወስዳቸው ክሬሙና ነጩ እንኳ አይለዩም። በስልኬ አነሳሁና ፎቶውን ወደ ጥቁርና ነጭ ቀየርኩት። የምንነሳበትን ቦታም ቀደም ብዬ፣ ፎቶው በሚነሳበት ሰዓት አንስቼው ስለነበር እሱንም እንዲሁ ቀይሬ ጎን ለጎን አየኋቸው።

ሁለት ነገር ወዲያው ታየኝ። የባለቤቴ ሸሚዝ ከዛፎቹ ጋር አንድ ዓይነት ጥቁር ግራጫ ሆኗል። በቀለም ሳየው ሰማያዊና አረንጓዴ ስለሆኑ ልዩነቱ ሰፊ መስሎኝ ነበር። ሸሚዙን በፈዛዛ ግራጫ ቀየርነውና ጥቁር ሰማያዊውን ወደ ሱሪው አወረድነው፤ እግሩ ቢደበዝዝ ያን ያህል አይጎዳም፣ ትከሻና ራስ ግን መለየት አለባቸው። ሁለተኛው የልጆቹ ክሬም ነው፤ ጎን ለጎን ሲሆኑ ድንበራቸው ጠፋ። ልብስ አልቀየርኩም፤ እናቴን መሃላቸው አስገባኋት።

ትንሹ ልጄ ደማቅ ቀዩን ቲሸርት ካልለበስኩ ብሎ ነበር። በጥቁርና ነጭ ሳየው ምንም ችግር የለበትም፤ ይህ ዘዴ የቀለምን ድምቀት አያሳይም። በቀለም ስመለከተው ግን ዓይኔ ከማንም ፊት በፊት ቲሸርቱ ላይ ያርፋል። በዚያ ላይ ፀሐይ ሲያርፍበት ቅላቱ አጠገቡ የቆመ ሰው አገጭ ላይ ያንጸባርቃል። በቲሸርቱ ፋንታ ቀይ ካልሲ እንዲያደርግ ተስማማን።

በፎቶው ቀን ከዛፎቹ ወደ ሁለት ሜትር ያህል ራቅ ብለን ቆምን። ከኋላችን ያለው ደብዘዝ አለ፣ የሁሉም ትከሻ በግልጽ ወጣ። የእናቴ ሹራብ አሁንም ትንሽ ይጎላል፤ መሃል ስላለች ግን ደስ ብሎኛል፤ ዓይን መጀመሪያ እሷ ላይ ነው የሚያርፈው። ያላማረኝ የእኔ ቀሚስ ነው፤ አበባው ጥቃቅን ስለሆነ ከርቀት ተቀላቅሎ አንድ ወጥ ቤዥ ቀለም መሰለ። ለሚቀጥለው ዙር መዳፌን የሚያህል አበባ ያለበት ጨርቅ እየፈለግኩ ነው።