ከንፈሩ የወፈረው ነጭ ዓሣ

ዛሬ ማለዳ የእህቴ ልጅ ከጣና ሐይቅ ዳር አንድ ፎቶግራፍ ላከልኝ። ክንድ የሚያህል ጠቆር ያለ ዓሣ በጀልባው ወለል ላይ ተጋድሟል። «አጎቴ፣ ቆሮሶ ነው ስላቸው አይደለም አሉኝ፤ እስቲ እርስዎ ይዩልኝ» ይላል።

ልጁን ያሳሳተው ቀለሙ እንደሆነ ወዲያው ገባኝ። ዓሣ ከውኃ ከወጣ በኋላ ቀለሙ ስለሚለወጥና በጥላና በፀሐይ የተነሣ ፎቶግራፍም ስለሚለያይ፣ እኔ ቀለምን የማየው ከሁሉ በኋላ ነው። መጀመሪያ ያየሁት የጀርባውን ክንፍ ነው። የቆሮሶ የጀርባ ክንፍ ከራሱ ኋላ ጀምሮ እስከ ጅራቱ አቅራቢያ ሳይቋረጥ ይዘልቃል፤ የፊተኛው ክፍሉ እሾሃማ፣ የኋለኛው ለስላሳ ነው። የዚህኛው ግን አጭርና ሦስት ማዕዘን ሆኖ በጀርባው መካከል ብቻ የቆመ ሲሆን፣ ከዚያ ወዲያ እስከ ጅራቱ ድረስ ጀርባው ባዶ ነው። የሆዱ ክንፎችም እንደ ቆሮሶ ከደረቱ ሥር ሳይሆኑ ወደ ኋላ ራቅ ብለው ተተክለዋል፤ ጅራቱም በጥልቀት ለሁለት ተከፍሏል። ሰፋፊ ቅርፊት ስላለው ቅርፊት የሌለው አምባዛ ሊሆን አይችልም። ስለዚህ ነጭ ዓሣ ነው አልኩት።

አስቸጋሪው ነገር የሚጀምረው ግን ከዚህ በኋላ ነው። በጣና ውስጥ በሌላ ቦታ የማይገኙ ከደርዘን በላይ የነጭ ዓሣ ዝርያዎች አሉ፤ የክንፎቻቸው አቀማመጥ ተመሳሳይ በመሆኑ ክንፍ ሊለያቸው አይችልም፤ ይበልጥ የሚለያያቸው የአፋቸው ቅርጽና የአመጋገባቸው ሁኔታ ነው። ስለዚህ ዓሣውን አርጥቦ፣ በጎኑ አጋድሞ፣ አፉ እንደተዘጋ በቀጥታ ከላይ ራሱን በቅርብ እንዲያነሣልኝ፣ ለመጠኑም መዳፉን አጠገቡ እንዲያኖር ጠየቅሁት። ዓሣውን ወደ ካሜራው ዘርግቶ መያዝ ራሱን ከሰውነቱ በላይ ያገዝፈዋልና፣ ትልቅ አፍ ያለውን ዓሣ በላተኛ ዝርያ አስመስሎ ሊያሳስት ይችላል።

ሁለተኛው ፎቶግራፍ ሲደርሰኝ በአፉ ዳር ሁለት ጥንድ ጢም ታየኝ፤ በመጀመሪያው ፎቶግራፍ ላይ ጢሞቹ በቆዳው ላይ ተጣብቀው ስለነበር አላየኋቸውም። ከንፈሩ ወፍራም ሲሆን፣ ከታችኛው ከንፈር መካከል እንደ ትንሽ ምላስ ያለ ሥጋ ወደ ታች ተንጠልጥሏል። ይህ ነድጊያ በሚባለው የጣና ነጭ ዓሣ ላይ የማውቀው ምልክት ነው። ሆኖም ኢንተርሜዲየስ የሚባለው ዘመዱ መልኩ እጅግ ስለሚለዋወጥ፣ ከንፈር ብቻውን ለፍርድ እንደማይበቃ ለልጁ ነገርኩት።

በደብተሬ ላይ የጻፍኩት «ነጭ ዓሣ፤ ነድጊያ ይመስላል፤ የከንፈሩ ፎቶግራፍ አለ» የሚል ነው። ልጁም ዓሣውን ከመሸጡ በፊት የአፉን የፊት ገጽታ ደግሞ አንሥቶ ላከልኝ።