ትሬስራውት ላይ ኮከብ ሲበዛ፦ ፓኬቱ የት ቀረ?

የዚህ ሰሞን ልምምዴ የትሬስራውት ውጤት ማንበብ ላይ ነው። አጋጣሚውም ረዳኝ። አውሮፓ የተከራየነው ሰርቨር ከቢሮ ድረ ገጹ በደንብ ይከፈታል፣ ኤስኤስኤች ግን አልገባም አለ። በስልክ ዳታ ስሞክር ይገባል። ሰርቨሩ በሕይወት አለ ማለት ነው፤ ከቢሮ የሚወጣው የፖርት 22 ፓኬት ታዲያ የት ይቀራል?

አሠራሩን የምታውቁ ይህን አንቀጽ ዝለሉት። እያንዳንዱ ፓኬት ቲቲኤል የሚባል ቁጥር ይዞ ይጓዛል፤ የሚያልፍበት ራውተር ሁሉ አንድ አንድ ይቀንስበታል። ቁጥሩ ዜሮ የሚሆንበት ራውተር ፓኬቱን ይጥልና «እኔ ጋ አለቀ» የሚል የአይሲኤምፒ መልእክት ለላኪው ይመልሳል። ትሬስራውት ከ1 ጀምሮ ቁጥሩን እየጨመረ ይልክና መልስ የሰጠውን አድራሻ በየመስመሩ ይጽፋል። መልስ ካልመጣ ኮከብ ያደርጋል። ኮከብ «መልስ አልደረሰኝም» ከማለት ያለፈ ነገር አይናገርም።

ሊኑክስ ላይ ትሬስራውት ምንም ካልነገሩት የሚልከው ዩዲፒ ነው፣ ከፖርት 33434 ጀምሮ። የዊንዶውሱ `tracert` ደግሞ እንደ ፒንግ አይሲኤምፒ ይልካል። ፋየርዎል እነዚህን የሚያይበት ዓይንና ኤስኤስኤችን የሚያይበት ዓይን ይለያያል። ስለዚህ የተቸገረውን ትራፊክ ራሱን መስሎ መላክ ያስፈልጋል፤ `-T` ቲሲፒ ያደርገዋል፣ `-p` ፖርቱን ይመርጣል። መጀመሪያ የሚሠራውን ፖርት፣ ከዚያ የማይሠራውን ላክሁ (አድራሻዎቹን ቀይሬያቸዋለሁ)፦

```
$ sudo traceroute -n -q 1 -T -p 443 203.0.113.50
 1  192.168.1.1    1.2 ms
 2  10.20.0.1      9.8 ms
 3  *
 4  198.51.100.9   14.1 ms
 5  198.51.100.33  121.6 ms
 6  192.0.2.17     124.0 ms
 7  203.0.113.1    123.2 ms
 8  203.0.113.50   123.5 ms

$ sudo traceroute -n -q 1 -T -p 22 203.0.113.50
 ...
 5  198.51.100.33  121.9 ms
 6  192.0.2.17     123.8 ms
 7  *
 8  *
 9  *
```

በመጀመሪያው ውጤት 3ኛው መስመር ኮከብ ነው፤ ግን ከእሱ በኋላ ያሉት ሁሉ መልሰዋል። ያ ራውተር ፓኬቱን በሰላም ያሳልፋል፣ ለራሱ መልስ መስጠት ብቻ ነው ያልፈለገው። ከ4 ወደ 5 ሰዓቱ ከ14 ወደ 121 ሚሊሰከንድ መዝለሉም ብልሽት አይደለም፤ ከአገር ወጥቶ ባሕር የሚሻገረው እዚያ ላይ ነው፣ ከዚያ በኋላም እንደዚያው ይዘልቃል።

ፍሬ ነገሩ 7ኛው መስመር ላይ ነው። ለ443 የመለሰው ራውተር ለ22 ዝም አለ፣ ከእሱ በኋላም እስከ መጨረሻው ኮከብ ብቻ ነው። 443ን አስቀድሜ ባልልክ ኖሮ ይህ ራውተር ድሮም መልስ የማይሰጥ ይሁን አይሁን መለየት አልችልም ነበር።

ይሁንና «7ኛው ነው የጣለው» ለማለት አያስደፍርም። 6ኛው ራውተር ፓኬቱን ሲያስወጣ የሚያጣራ ከሆነም ውጤቱ ይኸው ነው፤ ቲቲኤሉ እሱ ጋ ሲያልቅ ይመልሳል፣ አልፎ ሊሄድ የተነሣውን ግን ይጥለዋል። ማለት የሚቻለው ከ6 መውጫ እስከ 7 መግቢያ ባለው ውስጥ መሆኑን ነው። አጣሪው በግልጽ የሚከለክል ቢሆን ኖሮ ከሰዓቱ ጎን `!X` እናይ ነበር፤ የብዙዎቹ ልማድ ግን በዝምታ መጣል ነው።

ማረጋገጫውን ከሰርቨሩ በኩል ወሰድኩ። በስልክ ዳታ ገብቼ ይህን አስነሣሁ፣ በቢሮው መስመር ደግሞ ሙከራውን ደገምኩ (`198.51.100.200` የቢሯችን የውጭ አድራሻ ነው እንበል)፦

```
sudo tcpdump -ni any tcp port 22 and src host 198.51.100.200
```

አንድም ፓኬት አልታየም። ፓኬቱ ደርሶ መልሱ ሲመለስ ቢጣል ኖሮ እዚህ ይታይ ነበር፤ ትሬስራውቱም እስከ 7 ይመልስና 8ኛው ላይ ብቻ ኮከብ ይሆን ነበር።

ሁለቱን ውጤቶች ጎን ለጎን አድርጌ ለአከራዩ ላክሁ። መግቢያቸው ላይ ያለው ፋየርዎል የቢሯችንን አድራሻ ለፖርት 22 ብቻ በራሱ ዘግቶት ኖሯል፤ ከፈቱት።

`mtr` ለምትጠቀሙ አንድ ነገር ልጨምር። መሃል ላይ ያለ አንድ መስመር 60% ጠፋ ብሎ መጨረሻው 0% ከሆነ የጠፋ ነገር የለም፤ ያ ራውተር የሚሰጠውን የአይሲኤምፒ መልስ ቆጥቦ ነው። መጥፋቱ ከዚያ መስመር ጀምሮ እስከ መድረሻው ከዘለቀ ነው የሚያሳስበው። ቀጥዬ የምሞክረው ከሰርቨሩ ወደ ቢሮ መላክ ነው፤ የመመለሻው መንገድ ከመሄጃው ሊለይ ስለሚችል፣ እስካሁን ያየሁት ግማሹን ብቻ ነው።