ቆላ ለምትወርዱ የሕፃን ወላጆች፦ አጎበሩ፣ ትኩሳቱና የደም ምርመራው

ባለቤቴ መተሐራ ሥራ ሲያገኝ ልጃችን ገና አምስት ወሩ ነበር። እኛ ደብረ ብርሃን ተወልደን ያደግን ነን፤ ወባ ለእኛ ቆላ ወርዶ የሚሠራ ሰው ይዞት የሚመጣ በሽታ ነበር። ልንወርድ ስንል የመከረን ሁሉ ስለ ሙቀቱ መከረን። ስለ ወባ የነገሩን «አጎበር ያዙ» ብቻ ነው። ሕፃኑ ቢያተኩስስ የት ይወሰዳል፣ ምን ብለን እንጠይቅ፣ «የለበትም» ብለው ቢመልሱንስ? ይህን የነገረን አንድም ሰው አልነበረም።

አጎበሩ ላይ ብዙ አልቆይም፤ ግን ሕፃን ላለበት ቤት የሚለዩ ነገሮች አሉ። ከአዲስ አበባ የገዛነው እንደ ጃንጥላ የሚዘረጋ የሕፃን አጎበር ሲያዩት ያምራል። ነገር ግን ኬሚካል አልተነከረም፤ ጠባብም ነው። ሕፃን ደግሞ ሲተኛ ይገላበጣል። እጁ ወይም እግሩ መረቡ ላይ ከተለጠፈ ትንኟ ከውጭ ሆና በቀዳዳው ትነድፈዋለች። ስለዚህ ያንን አስቀምጬ ከጤና ኬላ የተሰጠንን በኬሚካል የተነከረውን ሰፊውን ሰቀልኩ። እሱ ትንኟን ከማገድም አልፎ ስታርፍበት ይገድላታል። ከፌስታሉ እንደወጣ አንድ ሙሉ ቀን ጥላ ላይ አናፈስኩት (ፀሐይ ላይ አይሰጣም፣ ኬሚካሉን ያበላሸዋል)። ከዚያ አራቱን ማዕዘን በገመድ አስሬ ሰቀልኩና ጫፉን ዙሪያውን ከፍራሹ ሥር ወተፍኩ። ልጁን ወደ ግድግዳው ሳይሆን መሐል አስተኛዋለሁ፤ ግድግዳ በኩል ያለ ሕፃን ሌሊቱን ሙሉ መረቡን ተደግፎ ነው የሚያድረው። የተቀደደ ካለ በመርፌ መስፋት ነው። ሲቆሽሽ በደረቅ ሳሙናና በቀዝቃዛ ውሃ ቀስ ብሎ ማጠብ፣ በረኪና አለማስነካት፣ ጥላ ላይ ማድረቅ። ቶሎ ቶሎ ማጠብ ግን መድኃኒቱን ይጨርሰዋል።

ከትምህርቱ ጋር የማልስማማበት አንድ ነገር አለ። «ስትተኙ አጎበር ውስጥ ግቡ» ይባላል። ሕፃን ግን የሚተኛው ከምሽቱ 1 ሰዓት ጀምሮ ነው፤ እኛ ትልልቆቹ እስከ 4 ሰዓት ደጅ እንቀመጣለን፤ መተሐራ ውስጥ በዚያ ሙቀት ማን ቤት ይገባል? ልጁ እኔ እቅፍ ላይ ወይም በረንዳ ላይ በተነጠፈ ፍራሽ ላይ ያንቀላፋል። የወባ ትንኝ ደግሞ እኛ እስክንተኛ አትጠብቅም፤ ከመሸ ጀምራ ትናደፋለች። ስለዚህ በእኛ ቤት አጎበሩ የሚወርደው ፀሐይ ስትጠልቅ ነው። ከማውረዴ በፊት ውስጡን በባትሪ አያለሁ፤ ተደብቃ የምትጠብቅ ትንኝ አትጠፋም። አንድ አጎበር ለሁለት ሰው የሚለውን አከፋፈልም አልተቀበልኩትም። ለአልጋችን አንድ፣ ልጁ አመሻሽ ላይ ለሚተኛበት ፍራሽ ሌላ አንድ ያስፈልጋል፤ ሁለተኛውን በገንዘባችን ገዛን። ሙቀቱን በተመለከተ ዳይፐር ብቻ አድርጌ አስተኛዋለሁ፤ የአየር ማራገቢያውን ከአጎበሩ ውጭ አቆመዋለሁ። በሙቀት ምክንያት አጎበሩን እኩለ ሌሊት ላይ ገልጦ መጣል እዚህ የተለመደ ነው፤ ማራገቢያ መግዛት ከዚያ ይሻላል።

እስከዚህ ያለው ቀላሉ ነው። አሁን ድረስ የሚያናድደኝ ከዚህ በኋላ ያለው ነው።

ጥቅምት ላይ፣ ዘጠኝ ወሩ ሲሆን፣ አንድ ሌሊት ገላው እንደ ምጣድ ጋለ። እጁና እግሩ ግን ቀዝቃዛ ነበር። ጡት ይይዝና ይለቃል። በብብቱ ስለካው 39 አለፈ። ሊነጋጋ ሲል አላበው፣ ቀዘቀዘ፣ ተኛ። ጎረቤቴ «ጥርስ ሊያወጣ ነው» አለች። እናቴ በስልክ «ምች ነው፣ ዳማከሴ አሽቺው» አለችኝ። ሁለቱም ልጄን ወድደው ነው። ጥርስም እውነት እየበቀለ ነበር። ነገር ግን ጥርስ ሕፃንን ያነጫንጨው እንደሆነ እንጂ 39 አያደርሰውም። ወባ ባለበት አገር ደግሞ ጥርስ መብቀሉ ከወባ አያድንም፤ ሁለቱም አንድ ሳምንት ሊመጡ ይችላሉ።

ጠዋት በሩ ሲከፈት ደርሰናል። የተቋሙን ስም አልጠራም። ካርድ አውጥተን፣ ተራ ጠብቀን ገባን። ነርሷ ቴርሞሜትሩን በብብቱ አድርጋ አየችው፦ 36.9።

«ትኩሳት የለውም» አለች።

«ሲስተር፣ ሌሊት እኮ 39 ነበር። እጁ በረዶ ሆኖ...»

«አሁን የለውም እኮ፣ እናት። የወባ መመርመሪያ ኪት የምናደርገው ትኩሳት ላለው ነው። ጥርሱ ነው፤ ይሄን ሽሮፕ ስጪው።»

ፓራሲታሞል ጽፋ ሰጠችኝ። ደሙ እንዲታይልኝ ለመንኳት፤ «ላብራቶሪው በወረቀት ነው የሚሠራው፣ ወረቀቱን እኔ ነኝ የምጽፈው» አለችኝ። ከኋላዬ ሰልፍ አለ። ወጣሁ።

ከሰዓት በኋላ ልጁ እንደገና ነደደ። ይዤው ሮጥኩ። አሁን 39.2 ነው፤ ማንም ትኩሳት የለውም ሊለኝ አይችልም። ካርድ ክፍሉ ግን እንደ አዲስ ተሰለፊ አለኝ። ወረቀቱ ተጽፎልኝ ላብራቶሪ ስደርስ የ11 ሰዓቱ መውጫ ተቃርቦ ባለሙያው ናሙና መቀበል አቁሟል። «ነገ ጠዋት» አለኝ። ነገ ጠዋት ትኩሳቱ ወርዶ እንደገና «የለውም» ልባል? ዘጠኝ ወር የሆነ ሕፃን ማደር አለበት ተብሎ የተወሰነው በመውጫ ሰዓት ነበር!

እዚህ ላይ ቆም ብዬ ያን ጊዜ ማንም ያልነገረኝን ልናገር። የወባ ጥገኛ ተሕዋስ ቀይ የደም ሴል ውስጥ ገብቶ ይራባል፤ ሴሎቹ ሲፈነዱ ትኩሳቱ ይወጣል፣ ከዚያ ይወርዳል፣ ከዚያ እንደገና ይወጣል። ስለዚህ በር ላይ የተለካ ቁጥር የሚናገረው ስለዚያች ደቂቃ ብቻ ነው። የአገራችን የወባ ሕክምና መመሪያ ራሱ የሚለው ትኩሳት ያለበት ወይም ባለፉት 48 ሰዓታት ውስጥ ትኩሳት የነበረበት ሰው ይመርመር ነው። «ነበረበት» የሚለው የእናት ቃል በቂ ነው ማለት ነው። ነርሷ የነገረችኝ የመመሪያውን ግማሽ ነበር። ፓራሲታሞልም ያው ነው፦ ትኩሳቱን ያወርዳል፣ ወባውን አይነካም። ሽሮፑን ወስዶ ቀዘቀዘ ማለት ወባ የለበትም ማለት አይደለም። ለልጁ ስቃይ ማስታገሻ ስጡ፤ ግን የሰጣችሁበትን ሰዓትና ከዚያ በፊት የለካችሁትን ቁጥር ጻፉና ይዛችሁ ሂዱ።

ከላብራቶሪው በር በባጃጅ ቀጥታ ወደ ሰፈራችን ጤና ኬላ ሄድን። የኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በሯን ልትዘጋ ነበር። የመጀመሪያ ጥያቄዋ «ባለፉት ሁለት ቀናት አተኩሶት ያውቃል?» የሚል ነበር። ጣቱን በአልኮል ጠረገች፣ ወጋችው፣ አንድ ጠብታ ደም ኪቱ ላይ አደረገች፣ ከብልቃጡ ፈሳሽ ጨመረች፣ ሰዓቷን አየች። ሩብ ሰዓት ያህል ጠበቅን። መጀመሪያ ምርመራው በትክክል መሥራቱን የሚያሳየው መስመር ወጣ። ከዚያ ከሱ ዝቅ ብሎ ሌላ ቀጭን መስመር ታየ። «ቫይቫክስ ነው» አለች፤ አንዱ የወባ ዓይነት ነው። ልጄን መዘነችው፣ የክሎሮኪን ሽሮፑን በኪሎው ልክ አስልታ ለሦስት ቀን ሰጠችኝ፤ የመጀመሪያውን እዚያው ፊቷ አጠጣሁት። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ካስታወከ እንደገና እንደሚሰጠው ነገረችኝ። ቫይቫክስ ጉበት ውስጥ ተደብቆ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ የሚመለስ ስለሆነ ለዚያ የሚሰጠውን ፕሪማኪን ጤና ጣቢያ ጻፉልን። ይህ መድኃኒት ከስድስት ወር በታች ላለ ሕፃን አይሰጥም። ለሚሰጠውም ሽንቱ ከጠቆረ ወዲያውኑ አቁሞ መመለስ ነው።

«ወቅቱ የወባ ነው፣ ምርመራ ምን ያደርጋል፣ መድኃኒቱን ዝም ብሎ መግዛት ነው» የሚሉኝ ሰዎች አሉ። አልስማማም። የወባ ዓይነቱ ካልታወቀ መድኃኒቱም አይታወቅም። ፋልሲፓረም ሲሆን የሚሰጠው ኮአርተም ነው፤ ፋልሲፓረም ያለበትን ሕፃን በክሎሮኪን ማከም ጊዜ ማባከን ነው፤ በአንድ ቀን ውስጥ ወደ መንቀጥቀጥና ራስን ወደ መሳት ሊሄድ ይችላል። ከዚህም የሚብሰው ጭራሽ ወባ ያልሆነውን ወባ ብሎ ማከም ነው። የጎረቤቴ ልጅ፣ የሰባት ወር ሕፃን፣ ስታተኩስ አባቷ ከመድኃኒት ቤት ያለ ምርመራ ኮአርተም ገዝቶ መጣ። እኔ ግን እናትየዋን ይዤ ጤና ኬላ ሄድኩ። ኪቱ ኔጌቲቭ አለ። የኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ እዚያ አላቆመችም፤ የልጅቷን ልብስ ገልጣ ደረቷን እያየች ትንፋሿን አንድ ደቂቃ ሙሉ ቆጠረች። ከሁለት ወር እስከ አንድ ዓመት ላለ ሕፃን በደቂቃ 50 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጣን ነው ይባላል፤ የሷ 58 ነበር። የሳንባ ምች ነው። አሞክሲሲሊን ተሰጣት። ኮአርተሙን ጀምረው ቢሆን ኖሮ ሦስቱን ቀን መድኃኒቱ እስኪሠራ ይጠብቁ ነበር፤ ሳንባዋ ግን አይጠብቅም።

ኔጌቲቭ ከተባላችሁ በኋላ ትኩሳቱ ከቀጠለ በማግስቱ ተመለሱና ላብራቶሪ ባለበት በማይክሮስኮፕ እንዲታይ ጠይቁ፤ ጥገኛ ተሕዋሱ ገና ጥቂት ሲሆን ኪቱ ሊያልፈው ይችላል። ሕፃኑ ጡት መሳብ ካቃተው፣ የወሰደውን ሁሉ ካስታወከ፣ ካንቀጠቀጠው ወይም አልነቃ ካለ ጤና ኬላ አትቁሙ፤ ቀጥታ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ነው። ከሁለት ወር በታች ያለ ሕፃን ደግሞ ማተኮሱ ብቻውን በቂ ነው፤ ለእሱ የወባ ኪት ብቻ ተደርጎለት ወደ ቤት አይመለስም።

አሁን መስኮቱ ጋ ስደርስ «አሁን ያተኩሰዋል ወይ?» እስክባል አልጠብቅም። «ሌሊት 8 ሰዓት ላይ 39.1 ነበር፣ ጽፌዋለሁ፣ ደሙ ይታይልኝ» እላለሁ። ወረቀቱን ካልጻፉልኝ የተረኛውን ኃላፊ እጠራለሁ። ኃላፊው ከሌለ ከሰዓት አልጠብቅም፤ ሳይመሽ ወደ ጤና ኬላዬ ነው።