የማግኒቶ ልጅነትና የሰመጠችው መርከብ፦ የአንባቢን ፍርድ የፈተሽሁበት መንገድ

አንድ እኩይ ገጸ ባሕርይ በልጅነቱ የደረሰበትን መከራ ስናውቅ ለፈጸመው ግፍ የምንሰጠው ፍርድ ለምን እንደሚለዝብ መመርመር የጀመርሁት፣ በንባብ ክበባችን ይህ ጥያቄ በተነሣ ቁጥር ክርክሩ «ያሳዝናል» እና «ወንጀለኛ ነው» በሚሉ ሁለት ቃላት ላይ ቆሞ ስለሚቀር ነው። ለፍተሻው የመረጥሁት ኤክስ-ሜን በተባለው የአሜሪካ የኮሚክ መጽሔት የጀግኖቹ ባላንጣ የሆነውን ማግኒቶን ነው። ይህን ገጸ ባሕርይ ስታን ሊ እና ጃክ ከርቢ እ.ኤ.አ. በ1963 ሲፈጥሩት ዓለምን መግዛት የሚሻ ትዕቢተኛ እንጂ የሚታወቅ ልጅነት ያለው ሰው አልነበረም። ናዚዎች አይሁድን በጅምላ ከፈጁበት ከኦሽዊትዝ ካምፕ የተረፈ መሆኑ የተጻፈው ግን በ1981፣ ክሪስ ክሌርሞንት በደረሰው 150ኛው ቅጽ ላይ ነው። በመሆኑም አንባቢ ለዐሥራ ስምንት ዓመታት ያለ ታሪክ የጠላው ሰው በድንገት ታሪክ ተሰጠው፤ የቀድሞ ድርጊቶቹም በሌላ ዓይን ይነበቡ ጀመር። የኋላ ታሪክ ብቻውን ምን እንደሚሠራ ለመለየት ከዚህ የተሻለ አጋጣሚ አላገኘሁም።

ከዚያው ቅጽ አንድ ድርጊት ለይቼ ወሰድሁ። ማግኒቶ የዓለም መንግሥታት የጦር መሣሪያቸውን እንዲጥሉና እንዲገዙለት ይጠይቃል፤ «ሌኒንግራድ» የተባለች የሶቪየት ሰርጓጅ መርከብ በትእዛዝ ሚሳይል ትተኩስበታለች፤ እርሱም ጥቃቱን ካከሸፈ በኋላ መርከቢቱን ከነባሕረኞቿ ያሰምጣታል። ይህን በአጭሩ በአማርኛ ጽፌ ሦስት ዓይነት ወረቀት አዘጋጀሁ። አንደኛው ድርጊቱን ብቻ ይናገራል፤ ሁለተኛው በመጀመሪያ ኦሽዊትዝን፣ ቀጥሎ ድርጊቱን ያስቀምጣል፤ ሦስተኛው ቅደም ተከተሉን ይገለብጣል። እያንዳንዱ ተሳታፊ አንዱን ብቻ እንዲያነብና ከውይይቱ በፊት ለአራት ጥያቄዎች በጽሑፍ እንዲመልስ አደረግሁ፦ ድርጊቱ ስሕተት ነው ወይ? የሚያደርገውን ያውቅ ነበር፣ መተውስ ይችል ነበር ወይ? ምን ያህል ትቈጣዋለህ? ምን ሊደረግበት ይገባል? ጥያቄዎቹን መነጣጠል ያስፈለገው፣ በቃል ክርክር ላይ አራቱም በአንድ ስለሚጠቀለሉና ሰው ለአንዱ የመለሰውን ለሁሉም እንደመለሰ ስለሚቈጥረው ነው።

በሦስቱም ወረቀቶች ላይ ለመጀመሪያው ጥያቄ የተሰጠው መልስ ተመሳሳይ ሆነ፤ ባሕረኞቹን መግደል ስሕተት ነው። የተለወጠው ቁጣው ነበር፤ ቅጣቱም ቁጣውን ተከትሎ ቀለለ። ይበልጥ ያስገረመኝ በሁለተኛው ጥያቄ ላይ የታየው ነው። ኦሽዊትዝን አስቀድመው ካነበቡት አንዳንዶቹ «ሌላ ምርጫ አልነበረውም»፣ «ተገፍቶ ነው» ብለው ጻፉ፤ ወረቀቱ ግን ጥቃቱ አስቀድሞ እንደከሸፈ በግልጽ ይናገራል። ሐዘናቸው ታሪኩ ውስጥ የሌለ ማስገደጃ ጨምሮበታል ማለት ነው። ኦሽዊትዝን በመጨረሻ ያነበቡት ግን ይህን አልጨመሩም፤ ድርጊቱን አስቀድመው መዝነውት ስለነበር ያለፈው መከራ ቢያሳዝናቸውም ማስረጃውን አልነካባቸውም። ከዚህ በኋላ አንድን መልስ ሳነብ በመጀመሪያ የምመለከተው የአረፍተ ነገሮቹ ባለቤት ማን እንደሆነ ነው። «መርከቢቱን አሰመጣት» የነበረው «መርከቢቱ ሰመጠች» ከሆነ፣ አንባቢው ሳያውቀው አድራጊውን ከድርጊቱ አርቆታል።

ነገሩን በትክክል እንድረዳው የረዳኝ ፈላስፋው ፒ. ኤፍ. ስትሮሰን በ1962 ባቀረበው ጽሑፍ ላይ ያደረገው ልዩነት ነው። ቁጣችንን የሚያስቀሩ ምክንያቶች በሁለት ይከፈላሉ ይላል። የመጀመሪያዎቹ ድርጊቱን የሚመለከቱ ናቸው፤ አላወቀም፣ ተገፍቶ ወደቀበት እንደምንለው ዓይነት። ሁለተኛዎቹ አድራጊውን ይመለከታሉ፤ ሕፃን ነው ወይም አእምሮው ታውኳል እንደምንለው። የማግኒቶ ልጅነት ከሁለቱም አይገባም። ያውቃል፤ ማንም እጁን አልያዘውም፤ አእምሮው ጤነኛ ነው። ሌላው ፈላስፋ ጋሪ ዋትሰን በ1987 ባሳተመው ጽሑፍ፣ በካሊፎርኒያ ሁለት ወጣቶችን የገደለውን የሮበርት ሃሪስን ጭካኔ የተሞላ አስተዳደግ ሲመረምር የደረሰበትም ከዚህ ጋር ይቀራረባል፤ የልጅነቱ ታሪክ ገዳዩን ነፃ አያወጣውም፣ ነገር ግን ጥላቻና ርኅራኄ አብረው እንዲቀመጡብን ያደርጋል፤ እኔም በእርሱ ቦታ ብወለድ ምን እሆን ነበር የሚል ጥያቄም ያስነሣል። ይህ ጥያቄ የሚነካው የእኛን የመፍረድ ድፍረት እንጂ የገዳዩን ጥፋት አይደለም።

ቢሆንም ለውጡ ሁሉ የስሜት ነው ማለት ፍትሐዊ አይሆንም። የኋላ ታሪክ የድርጊቱን ዓላማም ይገልጣል። የ1963ቱ ማግኒቶ ሥልጣን ፈልጎ ይገድላል፤ የ1981ዱ ያ እልቂት እንደ እርሱ ልዩ ኃይል ይዘው በተወለዱት ላይ እንዳይደገም ፈርቶ ይገድላል። ይህ ልዩነት እውነተኛ ሞራላዊ ክብደት አለው ብዬ አምናለሁ። ለዚህም ሌላ ወረቀት ጻፍሁ፤ ፍርሃቱን እንዳለ ትቼ ኦሽዊትዝን ብቻ አወጣሁ። ቁጣው እንደገና ከፍ አለ፣ ነገር ግን ወደ መጀመሪያው ደረጃ አልተመለሰም፤ ከማለዘቡ ሥራ ከፊሉን የሚሠራው ዓላማው ነበር። የቀረውን የሚሠራው ልጁን ማየታችን ነው።

ይህን ለማረጋገጥ የመጨረሻውን ወረቀት አዘጋጀሁ። የማግኒቶን ታሪክ ምንም ሳልነካ ከባሕረኞቹ ለአንዱ ልጅነት ፈጠርሁለት። የመርከቢቱ ስም ራሱ መንገዱን አሳየኝ፦ የሌኒንግራድ ከተማ ከመስከረም 1941 እስከ ጥር 1944 በናዚ ጦር ተከባ በረሃብ አልቃለች፤ በዚያ ከበባ እናቱን ያጣ ሕፃን በ1981 ዕድሜው ከአርባ የሚያልፍ መኰንን ሊሆን ይችላል። ይህን መኰንን ከመርከቢቱ ጋር ሲሰምጥ ያነበቡት ሰዎች ቁጣቸው ተመለሰ፤ «ሌላ ምርጫ አልነበረውም» ያለም አልተገኘ። ስለማግኒቶ ያወቁት ግን ያው ነበር። ስለዚህ ርኅራኄያችንን ያከፋፈለው የጥፋቱ መጠን ሳይሆን ደራሲው ለማን ገጽ እንደሰጠ ነው። ማግኒቶ እናቱን ሲያጣ እናያለን፤ ባሕረኞቹ ግን ስም እንኳ የላቸውም።

የፍተሻው ወሰን ግልጽ ነው። ከተሳታፊዎቹ ብዙዎቹ በ2000 የወጣውን ፊልም አይተዋል፤ ያ ፊልም የሚከፈተው በኦሽዊትዝ በር ላይ ከወላጆቹ በሚነጠል ልጅ ስለሆነ፣ ድርጊቱን ብቻ የያዘው ወረቀት እንኳ ንጹሕ አልነበረም። በፊልሙ ማግኒቶን የተጫወተው የኢያን ማኬለን ድምፅና ግርማም ሰዎች ለገጸ ባሕርይው ካላቸው ፍቅር ሊነጠል አይችልም።

ከሁሉ በላይ ያነጋገረን ግን በወረቀቶቹ ላይ ያላስገባሁት የቅጹ መጨረሻ ነው። ማግኒቶ ኪቲ ፕራይድ የተባለችውን ልጅ ይመታል፤ የገደላት ይመስለዋል፤ ፊቷን ሲያይ ገና ሕፃን መሆኗን ይረዳል፤ ኦሽዊትዝን የሚያነሣውም በዚህ ጊዜ ነው። የሚያነሣው ግን ይቅር እንዲሉት አይደለም፤ የደረሰበትን ግፍ ራሱ ወደሌላ ልጅ እንዳሸጋገረው በመገንዘቡ ነው። አንዲት ተሳታፊ ይህን ካነበበች በኋላ የቀድሞ መልሷን ሰርዛ ቅጣቱን አከበደችው፤ ምክንያቷንም «የጅምላ ሞት ምን እንደሆነ ከማንም በላይ የሚያውቅ ሰው መርከብ ሲያሰምጥ፣ ከማያውቀው ይልቅ የበለጠ ይጠየቃል» ብላ ጻፈች። ከጎኗ የተቀመጠው አንባቢ ደግሞ በዚያው ትዕይንት ላይ ተመርኩዞ፣ ራሱን የከሰሰ ሰው ቁጣችንን አስቀድሞ ስለተሸከመልን ልናቀልለት ይገባል ሲል ተከራከራት፤ ሁለቱም የጠቀሱት ያንኑ ገጽ ነበር።