ቼዝን ከደብረ ብርሃን በቀጥታ ማሰራጨት፦ የአራት ወር ማስታወሻ

በዩቲዩብ በቀጥታ ቼዝ እየተጫወትሁ ማሰራጨት ከጀመርሁ አራት ወር ሆነኝ። መጀመሪያ ያሰብሁት በስልክ ነበር፤ ይሁን እንጂ በስልክ ለማሰራጨት ቢያንስ 50 ተከታይ ስለሚያስፈልግና እኔ በዚያን ጊዜ 11 ብቻ ስለነበሩኝ ፊቴን ወደ አሮጌው ላፕቶፔ አዞርሁ። በኮምፒውተር ይህ ገደብ የለም፤ ስልክ ቁጥርን አረጋግጦ ፈቃዱ እስኪከፈት እስከ 24 ሰዓት መጠበቅ ግን ግድ ነው።

የምሠራው OBS Studio በተባለው ነጻ ፕሮግራም ነው። በመጀመሪያው ቀን ሙሉውን ስክሪን ስላሰራጨሁ የእህቴ የቴሌግራም መልእክት ለተመልካች ታየ። ከዚያ ወዲህ Window Capture መርጬ የቼዙን መስኮት ብቻ አሳያለሁ።

ብዙ ያለፋኝ የምስሉ መቆራረጥ ነበር። ሁለት ሳምንት ሙሉ ኢንተርኔቱን ስወቅስ ከቆየሁ በኋላ የOBSን Stats ሰሌዳ ስከፍት፣ በኔትወርክ ምክንያት የጠፋውን የሚቆጥረው Dropped Frames ዜሮ ሆኖ፣ በኢንኮዲንግ መዘግየት የተዘለለውን የሚያሳየው መስመር ግን ከመቶ 9 ደርሶ አገኘሁት። ጥፋቱ የመስመሩ ሳይሆን ምስሉን ማመቅ ያቃተው የላፕቶፔ ፕሮሰሰር ነበር። ኢንኮደሩን ከx264 ወደ QuickSync ስቀይረው፣ ሥራው በኢንቴሉ ቺፕ ውስጥ ለዚሁ ወደተሠራው ክፍል ስለተዛወረ መቆራረጡ ቆመ።

ከሳምንት በኋላ ተመሳሳይ መቆራረጥ ሲመጣ ግን ከፍ ያለው Dropped Frames ነበር። በዚያ ምሽት የመላኪያ ፍጥነቴ 2.2 ሜጋቢት ሲሆን እኔ 2500 ኪሎቢት ለመላክ እሞክር ነበርና፣ ቢትሬቱን ወደ 1500 ዝቅ አደረግሁ፤ ምስሉም 720p፣ በሴኮንድ 30 ፍሬም ነው። ቼዝ ላይ ይህ ይበቃል፤ በአንድ ጊዜ የሚንቀሳቀስ አንድ ጠጠር ብቻ ስለሆነ አብዛኛው ምስል አይለወጥም። ኳስ ጨዋታ ብሞክርበት ግን ሣሩ ሁሉ ይደበዝዝ ነበር።

የሥርጭት ሰዓቴንም የወሰነልኝ ይኸው ልኬት ነው። ለአንድ ሳምንት ፍጥነቱን እየለካሁ ስመዘግብ፣ ምሽት ላይ የሚወርደው መስመር ከማለዳው 1 ሰዓት ጀምሮ በእጥፍ ከፍ ብሎ አገኘሁት። ስለዚህ በሳምንት ሦስት ምሽት የነበረውን ትቼ ቅዳሜና እሑድ ማለዳ ብቻ፣ ሁለት ሁለት ሰዓት አሰራጫለሁ። የከተማችንን የማለዳ ብርድ የሚያውቅ፣ ጋቢ ለብሼ የምታየው ለጌጥ እንዳልሆነ ይረዳል።

ተመልካቾቼ ሦስት ወይም አራት ናቸው፤ አንዱ ድምፅ ለመፈተሽ የከፈትሁት የራሴ ስልክ ነው። ቁጥሩን ባየሁ ቁጥር ድምፄ ስለሚቀዘቅዝ፣ የሚታይበትን መስኮት ዘግቼ እያንዳንዱን ውሳኔ ጮክ ብዬ ማሰብ ጀመርሁ። ሌላው ችግር መዘግየቱ ነበር፤ አንድ ሰው «ፈረሱን ለምን መለስኸው?» ብሎ ቢጽፍ፣ መልሴ ሳይደርሰው ይወጣል። በዩቲዩብ ቅንብር ውስጥ Low latency ስመርጥ ክፍተቱ ወደ ጥቂት ሴኮንዶች ወረደ፤ ከዚህም የሚያጥረው Ultra low-latency በእኔ መስመር ላይ ተመልካቹን ስላቆራረጠበት ተውሁት። ያ ፈረስ ጠያቂ አሁን በየቅዳሜው ይመጣል፤ ባለፈው ሳምንትም የመክፈቻ ስሕተቴን ያየው ከእኔ ቀድሞ ነው።

ገና ያልፈታሁት መብራት ሲጠፋ ላፕቶፑ ቢቆይም ራውተሩ አብሮ መጥፋቱን ነው። በመጪው ቅዳሜ በስልክ ሆትስፖት ልሞክር አስቤያለሁ፤ በ1500 ኪሎቢት ሁለት ሰዓት ወደ 1.4 ጊጋባይት ስለሚፈጅ ጥቅሉን አስቀድሜ እገዛለሁ።