«ተጨማሪ አሳይ» የምትለዋን ሳልነካ

ነገሩ ካለፈ ቆይቷል። እኔን ግን ዛሬም ይከነክነኛል።

ሥራዬ ይግባኝ ማየት ነበር። በማኅበራዊ መድረኩ ላይ ፖስቱ የተነሳበት ወይም አካውንቱ የተገደበበት ሰው «ውሳኔው ስህተት ነው» ብሎ ሲያመለክት፣ ማመልከቻው እኛ ጋ ይደርሳል። አንዱ ሲዘጋ ሌላው ይከፈታል። ለአንዱ ቢበዛ ሁለት ደቂቃ ነው ያለን።

አንድ ቀን ጠዋት የአንዲት ጋዜጠኛ ይግባኝ ደረሰኝ። አካውንቷ ለ30 ቀን ተገድቧል። ማንበብ ትችላለች፤ መለጠፍና የቀጥታ ስርጭት ማካሄድ ግን አትችልም። ምክንያቱ «የጥላቻ ንግግር» ይላል። ስክሪኔ ላይ ያለው የአንድ መልእክት ስክሪንሾት ነው። ስድብም ዛቻም አለበት። ይግባኟ ደግሞ አጭር ነው፤ ጋዜጠኛ ነኝ፣ ዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ፣ እባካችሁ አካውንቴን መልሱልኝ ይላል።

ስድቡን አየሁት። ቃሉ ከማይፈቀዱት ውስጥ ነው። «ውሳኔው ጸንቷል» የሚለውን ተጫንኩና ወደ ቀጣዩ አለፍኩ። አንድ ደቂቃ እንኳ አልፈጀብኝም።

በሦስተኛው ቀን ያው አካውንት በሌላ ፖስት ተመልሶ መጣ። የአሁኑ ይግባኝ ግን አጻጻፉ ሌላ ነበር። ስለ ሥራ ዘመኗ አንድም ቃል የለበትም።

«ፎቶው ላይ ያለው ስድብ የተላከው ለእኔ ነው። ከፎቶው በላይ የጻፍኩትን እስከ መጨረሻው አንብቡት። ማክሰኞ ማታ 3 ሰዓት ላይ አንድ ግሩፕ ውስጥ የአካውንቴ ሊንክ ተለጥፎ ‹ሁላችሁም የጥላቻ ንግግር የሚለውን ምረጡ› ተባለ። በዚያው ሌሊት አምስት ፖስቶቼ ተነሱ። አንዱ የዛሬ ሁለት ዓመት የለጠፍኩት ነው።»

የፖስቱ ጽሑፍ ስክሪኔ ላይ የሚታየው የመጀመሪያው መስመር ብቻ ነው። ቀሪውን ለማየት «ተጨማሪ አሳይ» የምትለዋን መንካት ያስፈልጋል። ነካኋት። «ይህ መልእክት ዛሬ ጠዋት ደረሰኝ። ሰሞኑን ባወጣሁት ዘገባ ምክንያት ነው። ለፖሊስ አመልክቻለሁ» ይላል።

ደንባችን በዚህ ላይ ግልጽ ነው። የሌላን ሰው የጥላቻ ንግግር ለማውገዝ ወይም ለመዘገብ ማሳየት ይፈቀዳል። ወዲያው የመጀመሪያውን ፋይል ፈልጌ ከፈትኩት። እዚያም ከፎቶው በላይ ተመሳሳይ ማብራሪያ ነበረ። ከሦስት ቀን በፊት ያን ቁልፍ አልነካሁትም ነበር። ሆዴ ተገለባበጠ።

ብዙ ሰው ሺህ ሪፖርት ከመጣ አካውንት በራሱ ይዘጋል ብሎ ያስባል። እኛ ጋ እንደዚያ አይደለም። የሪፖርት ብዛት ለብቻው ማንንም አያስቀጣም። ግን እያንዳንዱ ሪፖርት አዲስ ዕድል ነው። አንዱን ማሽን ያየዋል፣ ሌላውን የደከመ ሰው ያየዋል። ሠላሳው «ጥፋት የለም» ቢባል እንኳ አንዱ በስህተት ካለፈ ፖስቱ ይነሳል፣ በአካውንቱም ላይ አንድ ጥፋት ይመዘገባል። ዘማቾቹ የሚያሳድዱት ያችን አንዷን ስህተት ነው። ብዙ ፖስት ላይ ከሞከሩ ጥፋቶቹ ይደማመሩና ገደቡ ይመጣል።

የሪፖርቱን ታሪክ እኛ አናይም። የሚያይ ሌላ ክፍል አለ። እዚያ ወደምትሠራው ባልደረባዬ ሄድኩና «ስንት ሪፖርት ነው የመጣባት?» አልኳት።

«ቁጥሩን ተወውና ሰዓቱን እይ» አለችኝ።

41 ሪፖርት በሁለት ሰዓት ውስጥ ገብቷል። ከዚያ በፊት በነበረው ወር ሁለት ብቻ ነበር። ማብራሪያ በሚለው ቦታ ላይ አብዛኞቹ ያንኑ ዓረፍተ ነገር ለጥፈዋል፤ የፊደል ስህተቱ ሳይቀር አንድ ነው።

ጣቷን ወደ ፖስቶቹ ቀን ወሰደች። «ተናድዶ ሪፖርት የሚያደርግ ሰው ፊቱ ያገኘውን ነው የሚጠቁመው። ሁለት ዓመት ወደ ኋላ አይቆፍርም። እነዚህ ግን ቆፍረዋል።»

«እንግዲያው ሁሉንም ልመልስላት?»

«አይደለም። ሪፖርቱ ዘመቻ ስለሆነ ፖስቱ ንጹሕ ነው ማለት አይደለም። አምስቱንም አንድ በአንድ እያቸው።»

ልክ ነበረች። አንድ ፖስት በእውነት አስቀያሚ ሆኖ በሰፊው ሲዛመትም ሪፖርት በአንዴ ይጎርፋል። ያኔ ግን ሰዎቹ የሚከሱት ያንኑ አንድ ፖስት ነው፣ እያንዳንዱም በራሱ አነጋገር ነው የሚጽፈው።

ተመልሼ አምስቱንም አየኋቸው። አራቱ ምንም ጥፋት የለባቸውም። አምስተኛው ላይ ግን ቆምኩ። እሱም የዛቻ ስክሪንሾት ነው፣ ማብራሪያም አለው። ነገር ግን ከላይ በኩል የላኪው ስልክ ቁጥር ሙሉውን ይታያል። የግለሰብን ስልክ ያለ ፈቃዱ ማውጣት፣ ሰውዬው ዛቻ የላከ ቢሆንም፣ በደንባችን አይፈቀድም። ስለዚህ አራቱን መለስኩ፣ የአምስተኛውን ምክንያት ከ«ጥላቻ ንግግር» ወደ «የግል መረጃ» ቀይሬ አጸናሁት። ቁጥሩን ብትሸፍነው ኖሮ እሱንም እመልሰው ነበር።

ፖስቶቹ ሲመለሱ ገደቡም አብሮ የሚነሳ መስሎኝ ነበር። አልተነሳም። ለእሱ ሌላ ጥያቄ ለሌላ ክፍል መላክ ነበረበት። አካውንቷ ከተገደበ በአሥራ አንደኛው ቀን ተከፈተላት። ዘገባዋ መነጋገሪያ በነበረበት ሰሞን አንድም ቃል መጻፍ አልቻለችም። ዘማቾቹ የፈለጉትን አሥራ አንድ ቀን አግኝተዋል።

እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው የአውሮፓ ኅብረት የዲጂታል አገልግሎቶች ሕግ የይግባኝ ውሳኔ በማሽን ብቻ እንዳይሰጥ ይከለክላል። ጥሩ ሕግ ነው ብዬ አምናለሁ። ግን የእሷን የመጀመሪያ ይግባኝ ሰው አይቶት ነበር። ያ ሰው እኔ ነኝ። ሁለት ደቂቃ ተሰጥቶኝ አንዷን እንኳ በአግባቡ አልተጠቀምኩባትም። የመጀመሪያው ውሳኔዬ በስህተትነት እንዲመዘገብብኝ ራሴ ጠየቅሁ።

ያው ሕግ ለተጠቃሚው የሚሰጠው ምክንያት ግልጽና ተለይቶ የተጠቀሰ እንዲሆን ያዝዛል። ለእሷ የተላከው መልእክት ግን «አራት ፖስቶች ተመልሰዋል፤ በአንዱ ላይ የተሰጠው ውሳኔ ጸንቷል» ይላል። በቃ። ስለ ስልክ ቁጥሩ ምንም የለም። እኔ የቀየርኩት ምክንያት በእኛ ስክሪን ላይ ነው የሚታየው።

ለቡድን መሪዬ «አንድ መስመር ልጨምርላት፤ ቁጥሩን ሸፍነሽ መልሰሽ ለጥፊው ልበላት» አልኩት።

«ጽሑፉ የተዘጋጀ ነው፤ አይነካም» አለኝ።

«ካልነገርናት በምን ታውቃለች?»

«ለአንዷ ከጻፍን ለሁሉም መጻፍ ሊኖርብን ነው።»

ተከራከርኩት። በጽሑፍም አመለከትኩ። መልስ አላገኘሁም።

በሳምንቱ ስሟን እንደገና ወረፋዬ ውስጥ አየሁት። ያንኑ አምስተኛውን ፎቶ መልሳ ለጥፋዋለች። ከላይ የጻፈችው ማብራሪያ ከበፊቱ ረዝሟል፤ ዛቻው ለእሷ እንደተላከ፣ የለጠፈችው ለማውገዝ እንደሆነ በሦስት አንቀጽ አስረድታለች። የጠረጠረችው የጥላቻ ንግግሩን ነው። «ተጨማሪ አሳይ» የምትለዋን ነክቼ እስከ መጨረሻው አነበብኩላት።

ስልክ ቁጥሩ እንዳለ ነበር።